የጎደለችው 1 በመቶ ለማን ትሰጥ?

«በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ያደረግነው ጥናት የመቶኛ ድምሩ 99 መጣ፤ እንደተለመደው ትልቁ ላይ 1 ልጨምር?»

የጎደለው ሁልጊዜ ለትልቁ ድርሻ ይጨመራል የሚለው ልማድ የተሳሳተ ነው። ከ1000 ገበያተኞች 522 በባጃጅ፣ 243 በእግር፣ 141 በታክሲ፣ 94 በግል መኪና መጡ እንበል፤ ድርሻቸው 52.2፣ 24.3፣ 14.1 እና 9.4 ሲጠጋጋ 52፣ 24፣ 14 እና 9 ይሆናል። ባጃጅን 53 ቢያደርጉት ከእውነተኛው በ0.8 ይርቃል፤ የግል መኪናን 10 ቢያደርጉት ግን ልዩነቱ 0.6 ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ወደ ታች ካጠጋጉ በኋላ የጎደለውን 1 ከነጥብ ቀጥሎ ትልቁ ቀሪ ላለው ይስጡ። 9.4 ወደ 10 መውጣቱ ከተለመደው ማጠጋጋት ስለሚለይ በሠንጠረዡ ግርጌ ይግለጹት፤ ቀጣዩን ስሌት ደግሞ ከጥሬ ቁጥሩ እንጂ ከተጠጋጋው አይነሡ። በእኔ እምነት ግን እዚህ አንድ የአስርዮሽ አኃዝ ማሳየቱ ይሻላል፤ ድምሩ ያለ ማስተካከያ 100 ይሆናልና።