ሶስት «ቩርደን» በአንድ ዓረፍተ ነገር

«እህቴ፣ ማስተር አርባይቴን ለማስረከብ ሶስት ሳምንት ነው የቀረኝ፣ አማካሪዬ በየገጹ ዳር ሻህቴልዛትስ እያለ ጽፎብኛል፣ ሰዋስዉ ግን ልክ ነው፣ ምኑን ነው የማስተካክለው?»

ልክ ነህ፣ ሰዋስዉ አንድም ስህተት የለበትም። ሻህቴል ማለት ሳጥን ነው፣ አማካሪህ የሚልህ ሳጥን ውስጥ ሳጥን እየከተትክ ነው ነው። ከሜቶዱ ምዕራፍ ያወጣሁት ይኸው፦

«ዲ ዳተን፣ ዲ ኢን ደን ኢንተርቪውስ፣ ዲ ኢም ማይ ሚት ትስቮልፍ ፕፍሌገክሬፍተን፣ ዲ ዛይት ሚንደስተንስ ፉንፍ ያረን ኢን ዶይችላንድ ሌበን፣ ገፉርት ቩርደን፣ ኤርሆበን ቩርደን፣ ቩርደን አንሽሊሰንድ አውስገቬርተት።»

27 ቃል ነው። ባለቤቱ «ዲ ዳተን» 2ኛው ቃል ላይ ይመጣል፣ የሱ ግስ ግን 25ኛው ላይ ነው፣ አንባቢው መሃል ላይ ያሉትን 22 ቃላት ተሸክሞ ነው የሚደርሰው። ከዛ ሲደርስ ደግሞ ቩርደን፣ ቩርደን፣ ቩርደን፣ የትኛው የማን እንደሆነ ወደኋላ ተመልሶ ማዛመድ አለበት።

እኛ ሀበሾች ይሄ ለምን እንደማይታየን ብዙ አስቤበታለሁ፣ ያው አስራ አራት ዓመት እዚህ ስኖር የልጆቻችንን ጽሁፍ ሳነብ ነው የከረምኩት። ያንኑ በአማርኛ በለው፦ «ጀርመን ቢያንስ አምስት ዓመት ከኖሩ አስራ ሁለት የነርሲንግ ባለሙያዎች ጋር በሜይ በተደረጉ ኢንተርቪዎች የተሰበሰበው ዳታ ከዛ በኋላ ተተነተነ።» የሚለው ነገር ያው ነው ግን ማንንም አያደክምም፣ ምክንያቱም እኛ አንዱን ዘግተን ነው ሌላውን የምንከፍተው፣ «የኖሩ» አልቆ ባለሙያዎቹ ይመጣሉ፣ «የተደረጉ» አልቆ ኢንተርቪው ይመጣል። ጀርመንኛው ግን ሶስቱንም ከፍቶ ነው መጨረሻ ላይ ከውስጥ ወደ ውጪ የሚዘጋቸው። ግስ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ለጆሯችን የቤታችን ስለሆነ ሸክሙ ተመሳሳይ ይመስለናል፣ አይደለም።

አንዳንዱ ልጅ ይሄን ሲሰማ ሁሉንም ከ«ዳተን» በፊት ይደረድረዋል፣ «ዲ» ብሎ ይጀምርና አስራ ስድስት ቃል ቆይቶ «ኤርሆበነን ዳተን» ይላል። ያም ጀርመንኛ ነው፣ ከአማርኛው አደራደር ጋርም ይመሳሰላል፣ ግን አንባቢው «ዲ» የምን «ዲ» እንደሆነ ሳያውቅ ነው ያን ሁሉ የሚጠብቀው። በመሃል ሁለት ሶስት ቃል ብቻ ሲሆን ነው የሚያምረው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ባለቤቱ ላይ ጣቴን አደርግና ግሱን እፈልጋለሁ፣ በጣም ከራቀ ወይም ሁለት ግሶች መጨረሻ ላይ ከተነባበሩ እዛ እሰብረዋለሁ። ያንተ እንዲህ ይሆናል፦ «ኢም ማይ ቩርደን ትስቮልፍ ፕፍሌገክሬፍተ ኢንተርቪውት፣ ዲ ዛይት ሚንደስተንስ ፉንፍ ያረን ኢን ዶይችላንድ ሌበን። ዲ ኢንተርቪውስ ቩርደን አንሽሊሰንድ አውስገቬርተት።» 19 ቃል፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር። «ዳተን ኤርሆበን» የሚለውን አወጣሁት፣ ኢንተርቪው ማድረግ ራሱ ዳታ መሰብሰብ ነውና።

ሁለት ቩርደን ቀርተዋል፣ የመጀመሪያውን አልነካውም። ማን ኢንተርቪው እንዳደረገ ከመግቢያህ ይታወቃል፣ ፓሲቩ ትኩረቱን ባለሙያዎቹ ላይ ያደርገዋል፣ ጥሩ ነው። ሁለተኛው ግን ያሳስበኛል። ማነው የተነተነው? አንተ ብቻህን ወይስ ሌላ ሰውም ለየብቻ አይቶት አወዳደራችሁ? ፈታኙ ይሄን ይጠይቃል፣ ፓሲቩም መልሱን ደብቆታል። ገጽ 31 ላይ ደግሞ «ኤስ ቪርድ ዳፎን አውስገጋንገን» ብለሃል፣ የኛው «ተብሎ ይታመናል» ማለት ነው። አገር ቤት በደብዳቤም በሪፖርትም ስናየው ያደግን አነጋገር ነው፣ ማን እንዳመነ ማንም አይጠይቅም ነበር። እዚህ ግን የሌላ ተመራማሪ ሃሳብ ከሆነ ስሙን ጥራ፣ ያንተ ግምት ከሆነ ደግሞ ያንተ መሆኑ ይታወቅ። «ኢሽ» ማለት ይቻላል ወይ ካልከኝ፣ ከትምህርት ክፍል ትምህርት ክፍል ይለያያል፣ አማካሪህን በአንድ መስመር ጠይቀው። ካልፈቀደ «ዲ ፎርሊገንደ አርባይት» ብለህ ጥናቱን ራሱን ባለቤት ማድረግ ትችላለህ።

ማን እንደተነተነና ማን እንዳመነ፣ እነዚህን ሁለቱን ባዶ ነው የተውኳቸው፣ በኮሜንት ጥያቄውን ብቻ ጽፌልሃለሁ። ቋንቋውን አስተካክላለሁ፣ ማን ምን እንዳደረገ ግን እኔ ልጽፍልህ አልችልም፣ መጨረሻ ገጽ ላይ በራሴ ነው የሰራሁት ብለህ የምትፈርመው አንተ ነህ። ትናንት ማታ መልሰህ ስትልክልኝ የትንተናውን እንዲህ አድርገኸዋል፦ ሁሉንም ኢንተርቪው ራስህ ተንትነህ፣ ሶስቱን አንድ የክፍልህ ልጅ ለየብቻ አይቶ፣ ያልተስማማችሁበትን ተነጋግራችሁ ወስናችኋል። ይሄ ሁሉ «ቩርደን አውስገቬርተት» ውስጥ ተቀብሮ ነበር።