እሞክራለሁ ለምትሉ ሁሉ፣ ምስጋና

ባለፈው እሑድ አቶቴ ሰፈር ጎረቤቴ ለልጅ ልጇ ክርስትና ደግሳ ነበር። ሕፃኗ 80 ቀኗን ሞልታ ጠዋት ገብርኤል ተጠምቃ ተመለሰች፤ ድንኳን ተጥሏል፣ ወንበር ተደርድሯል። ከተጠራው 60 ሰው አንድም "አልመጣም" ያለ የለም። የመጣው 19 ነው። ከ19ኙም አራቱ ድንኳኑን የተከሉት ልጆች ናቸው።

እኔ ግን ልወቅስ አልተነሳሁም፤ ላመሰግን ነው። የሐዋሳ ሰው ሲጠራ "እሞክራለሁ" ይላል። እሞክራለሁ ያለ ሰው ደግሞ ቀረ እንጂ ዋሸ አይባልም። ሞክሯል፤ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ፣ ኳስ እያየ ሞክሯል። "እግዜር ካለ" ያለውማ ይበልጣል፤ የመቅረቱን ጥፋት እንዳለ ወደ ላይ አስተላልፎታል።

ችግሩ ወጥ ቤት የሚገባው ሒሳብ ነው። አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል፤ 60 ሰው ማለት 5 ዶሮና 60 እንቁላል ነው። ለመሆኑ "እሞክራለሁ" ስንት ብልት ነው? ለሚሞክር ሰው ፈረሰኛው ይቀመጥለት ወይስ ክንፍ ይበቃዋል? ሽንኩርቱ ቅዳሜ ሌሊት ሲከተፍ ይህን ሊመልስ የሚችል ሰው አልነበረም።

እውነተኛ ምክንያቱን የሚናገርማ ገና ጀማሪ ነው። "ልጅ የሚይዝልኝ አጣሁ" ይላል፤ "ይዘሃት ና እንጂ!" ይባላል። "ባጃጅ አይገኝም" ቢል ባጃጁ ከነነጂው በሩ ላይ ይቆማል። "ሥጋ አልበላም" ቢል ሽሮ ተሠርቶ ይጠብቀዋል። ምክንያት በተናገርክ ቁጥር ድርድር ከፈትክ ማለት ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ "አንድ ጉዳይ ገጥሞኝ ነው" ይላሉ። ጉዳዩ እጀታ ስለሌለው ማንም ይዞ አይጎትተውም።

እስቲ ሽሙጡን አንዴ ልተወው። ብዙዎቻችሁ ለምን እንደቀራችሁ አውቃለሁ። ወሩ አላልቅ ብሎ፣ ባዶ እጅ መሄድ አሳፍሯችሁ ነው። ይህን ለማንም መናገር የለባችሁም፤ ኪሳችሁ የናንተ ነው፣ ምክንያቱን ዋጡት! "አልመጣም" የምትለዋን ግን ለምን ትውጧታላችሁ? "እሑድ አልችልም፣ እግዚአብሔር ያሳድጋት" ብሎ ረቡዕ ለመጻፍ ስንት ሳንቲም ይወጣል? ሴትዮዋ 2 ዶሮ ይበቃት ነበር። ሦስቱን የገዛችው በዱቤ ነው። የቀራችሁት እናንተ፣ ከፋዩዋ እሷ!

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ከሁሉም የምደነቅበት አንድ የሰፈራችን ሰው አለ። "አንድ ጉዳይ" አልበቃ ብሎት "ትንሽ አሞኝ ነው" ብሎ ጻፈ። የት እንዳመመው አልጠቀሰም። እኛ ደግሞ "ትንሽ" ሲባል የሚገባን ሌላ ነው። "ትንሽ ያለው ሊደብቀን ነው" አለች ደጋሿ። አቦል ሲቀዳ ሕመሙ ጨጓራ ነበር። ቶና ላይ ጉበት ሆነ። በረካው ሳይጠጣ ሰውዬው ለአዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎለት፣ ቤተሰቡ "ማን ያስታምመው?" እየተባባለ ነበር።

ታማሚው በዚያ ሰዓት አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባውን ይምጋል። አንድ ወዳጁ ደውሎ "ሊጠይቁህ እየመጡ ነው" ባይለው ኖሮ ጥብሱንም ይደግመው ነበር። በባጃጅ በርሮ ደረሰ፤ ጫማውን ሳያወልቅ ጋቢ ተከናንቦ ተኛ። 11 ሰው 3 ኪሎ ብርቱካን ይዞ ገባ።

"የቱ ጋ ነው የሚያምህ?" አሉት። አንዷ ጎኑን ነካችው፣ "እህ" አለ። ሌላው ወገቡን ነካው፣ እዚያም "እህ" አለ። ማንንም ላለማስቀየም የሁሉንም በሽታ ተቀበለ። አንድ ሽማግሌ አየሩን ማግ ማግ አድርገው "ቤቱ ዓሣ ዓሣ ይላል" ቢሉ፣ "ለጉበት ጥሩ ነው ብለውት ይሆናል" ብለው ራሳቸው መለሱ።

ደጋሿ ለካ የተረፈውን ዶሮ በትልቅ ድስት አስይዛ መጥታለች። ክዳኑ ሲነሳ ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ በሽተኛውም ቀና አለ። "አንተ ተኛ" አለችው ትከሻውን ይዛ፣ "ቅመም ያለበት ነገር አይሆንህም።" ጠያቂዎቹ አልጋውን ከበው ዶሮውን በሉ፤ ፈረሰኛው ለሽማግሌው ደረሰ። ለእሱ አጥሚት ተሠራለት። ከጠያቂዎቹ አንዷ ስኳር በሽታም ሳይኖርበት አይቀርም ስላለች፣ ያለ ስኳር።