አቅጣጫ ተቀምጧል

ኅዳር ሲገባ የደሴ ብርድ ከጦሳ ይወርዳል፤ ለአረጋውያን ብርድ ልብስ የሚያድል ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበርም ይሰበሰባል። ቃለ ጉባኤ መጻፉ በየወሩ በተራ ነው። አንዱ የሰብሳቢውን መክፈቻ ንግግር ከነሳሉ ያሰፍራል፤ ሌላዋ የገንዘቡን ጉዳይ በግማሽ መስመር አልፋ ለቡናው ቁርስ አንድ ገጽ ትሰጣለች። በአንድ ዓረፍተ ነገር ግን ሁሉም ይስማማሉ፦ «ብርድ ልብስን በተመለከተ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ አቅጣጫ ተቀምጧል።» ማን ይገዛል? ስንት? እስከ መቼ? በታኅሣሥ አዲሱ ተረኛ ይህን ሲያነብ ሰው እርስ በርሱ ይተያይና እንደገና ሰፊ ውይይት ይደረጋል።

በጸሐፊው አይፈረድም። ባዶ ወረቀት የተሰጠው ሰው የሚጽፈው የለመደውን የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው። ስለዚህ ጠያቂው የቃለ ጉባኤው ቅጽ ይሁን። ፊትና ጀርባው የታተመ አንድ ወረቀት ይበቃል። የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፤ «3/4» ከተባለ ለአንዱ ታኅሣሥ 3 ነው፣ ስልኩን በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚያነበው ደግሞ ኤፕሪል 3። የአባላት ስም ቀድሞ ታትሞ ይምጣና ጸሐፊው ምልክት ብቻ ያድርግበት፤ ያኔ የቀረውም ሰው ይታያል፣ ምልዓተ ጉባኤ መሙላቱም ወዲያው ይቆጠራል።

ለውይይት በአጀንዳ ሦስት መስመር ብቻ ይተው። አራተኛ መስመር ካለ ንግግሩ ይገባበታል።

የቅጹ ልብ የውሳኔው ሠንጠረዥ ነው፦ ምን፣ ማን፣ እስከ መቼ። «ማን» በሚለው ሳጥን ውስጥ «ኮሚቴው» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው፤ ለኮሚቴ ማንም ስልክ ደውሎ «የት ደረስክ?» አይለውም። የአንድ ሰው ስም ይግባ። የብርድ ልብሱ ጉዳይም አንድ ውሳኔ አይደለም። «20 ብርድ ልብስ መግዛት፣ እስከ ኅዳር 20» አንድ መስመር ነው፤ «ለ20 አረጋውያን ማደል፣ እስከ ኅዳር 25» ሌላ መስመር፣ ሌላ ስም። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ብርድ ልብሱ ተገዝቶ መጋዘን ሲያድር «ተፈጽሟል» ይባላል። ሰው ከመበተኑ በፊት ሠንጠረዡ ጮክ ብሎ ይነበብ፤ ስሙን ሰምቶ «እኔ?» የሚል አይጠፋም፣ ክርክሩም እዚያው ይለቅ።

ያላለቀውን ወደሚቀጥለው ወር ቅጽ የሚገለብጠው ወራጁ ጸሐፊ ነው፤ አዲሱ ከየት ያውቃል? «በሂደት ላይ» የምትለዋ ቃል ለአንድ ውሳኔ አንዴ ብቻ ትፈቀድ። በሁለተኛው ወር ወይ አዲስ ቀን፣ ወይ አዲስ ስም፣ ወይ «ተሰርዟል»።

መጨረሻ ላይ «ልዩ ልዩ» አለ። ሰው ኮቱን እየለበሰ የባንክ ፈራሚ ይቀየር የሚለው እዚህ ነው። ባንኩ ግን የተፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት ቃለ ጉባኤ ስለሚጠይቅ «ልዩ ልዩ» ላይ ያለች ግማሽ መስመር አትበቃውም። ገንዘብና ፈራሚ የሚነካ ነገር ሁሉ ወደ ሠንጠረዡ ይውጣ። ለ«ልዩ ልዩ» ሁለት መስመር ይበቃዋል፤ የቡናው ቁርስ እዚያ ይጻፍ።