ሕግ አለው ወይስ እንዳመጣለት?

«ውጭ ያለው ወገናችን አማርኛና እንግሊዝኛ ሲቀላቅል ሕግ አለው ወይስ እንዳመጣለት ነው?»

ሕግ አለው፤ አከራካሪው የትኛው ሕግ ነው የሚለው ነው። የሥነ ልሳን ተመራማሪዋ ሻና ፖፕላክ እ.ኤ.አ. በ1980 ያቀረበችው የአቻነት ገደብ፣ ቅይጥ የሚፈቀደው የሁለቱ ቋንቋዎች የቃላት ቅደም ተከተል በሚገጥምበት ቦታ ብቻ ነው ይላል። መነሻዋ በኒውዮርክ የሚኖሩ የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች ንግግር ነበር፤ ስፓኒሽም እንግሊዝኛም ግሱን ከተሳቢው በፊት ስለሚያደርጉ ገደቡ እዚያ በደንብ ይሠራል።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ዘወትር የሚሰማውን «አፖይንትመንቱን ካንስል አደረግኩት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን እንመልከት። በአማርኛ ተሳቢው ይቀድማል፣ በእንግሊዝኛ ይከተላል፤ ስለዚህ በአቻነት ገደብ መሠረት በሁለቱ መካከል መቀየር ባልተቻለ ነበር። የሌላዋ ተመራማሪ የካሮል ማየርስ ስኮተን የመሠረተ ቋንቋ ማዕቀፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በስዋሂሊና እንግሊዝኛ ቅይጥ ላይ ተመሥርቶ የቀረበው፣ ከሚቀላቀሉት አንዱ ቋንቋ መሠረት ሆኖ ቅደም ተከተሉንና የሰዋስው ምልክቶቹን ይሰጣል ይላል፤ ይህም ዓረፍተ ነገሩን በቀላሉ ያስረዳል፦ ቅደም ተከተሉም፣ «-ኡ» እና «-ን» የተባሉት ቅጥያዎችም፣ ባለቤቱን የሚያሳየው «አደረግኩት»ም የአማርኛ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ያዋጣው ሁለት የይዘት ቃላትን ብቻ ነው። «ዘ አፖይንትመንትን» ቢባል ጆሮ የሚጎረብጠውም ለዚሁ ነው።

የፖፕላክ ወገኖች «ካንስል» ለጊዜው የተዋሰ ቃል እንጂ ቅይጥ አይደለም ብለው ሊመልሱ ይችላሉ። እኔን ግን ይህ መልስ አያረካኝም፤ የማይመቸውን ማስረጃ ሁሉ ውሰት ካልነው ገደቡን የሚፈትን ነገር አይቀርም። በሌላ በኩል ግማሹ ሐረግ በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ሲነገር መሠረተ ቋንቋውን መለየት ስለሚያስቸግር፣ የማየርስ ስኮተንም ማዕቀፍ እዚያ ላይ ይደክማል።