ቁልፍ ስለተቀረጸ ብቻ መኪና አይነሳም

«ኮምቦልቻ ትርፍ ቁልፍ አስቀረጽኩ። በሩን በሪሞት ይከፍታል፤ መኪናው ግን ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። ባትሪው ደክሞ ነው አሉኝ።»

ወንድሜ፣ በአሮጌው ቁልፍ ደህና የሚነሳ ከሆነ ባትሪውን አትቀይር። የቁልፉ ጭንቅላት ውስጥ ባትሪ የማይፈልግ ትንሽ ቺፕ አለ። ቁልፉን ስታዞር፣ በማስገቢያው ዙሪያ ያለው ጥቅል ሽቦ ለቺፑ ኃይል ሰጥቶ ኮዱን ያነባል። ኮዱ መኪናው ላይ ካልተመዘገበ ኢሞቢላይዘር የሚባለው የስርቆት መከላከያ ሞተሩን ያጠፋዋል። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ብልጭ ድርግም ካለ ነገሩ ይኸው ነው። የበሩ ሪሞት ለብቻው የሚመዘገብ ነው፤ መሥራቱ አያታልልህ።

ባለሙያው መሪው ሥር ባለው ሶኬት መሣሪያ ሰክቶ ያስመዘግብልሃል። ብቻ ቁልፎችህን በሙሉ ይዘህ ሂድ! አንዳንድ መኪና ላይ በምዝገባው ወቅት ያልቀረበ ቁልፍ ይሰረዛል። እኔ አንዱን ደሴ ቤት ትቼ ወርጄ፣ ስመለስ አላስነሳ አለኝ።