ማስተካከያ፦ አማካይ የሜሞሪ መድረሻ ጊዜው 22 ሳይሆን 4 ሳይክል ነው

«ኤል1 ካሽ 90 በመቶ ሂት፣ 1 ሳይክል። ኤል2 80 በመቶ፣ 10 ሳይክል። ሜሞሪ 100 ሳይክል። አማካዩ ስንት ይመጣል?»

ለዚህ ጥያቄ ትናንት 22 ብዬ መልሼ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ዛሬ ጠዋት አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ስሠራው ነው የታየኝ። የሜሞሪውን 100 በ0.2 ብቻ አባዝቼው ነበር። ግን ያ 20 በመቶ ኤል2 ጋ ከደረሱት ውስጥ ነው እንጂ ከጠቅላላው አይደለም።

በ1000 ጥያቄ እንየው። ሁሉም ኤል1ን ይነካሉ፣ 1000 ሳይክል። 100ው ያጡና ወደ ኤል2 ይወርዳሉ፣ እዚያ ሌላ 1000 ሳይክል ይሄዳል። ከ100ው 20 ብቻ ሜሞሪ ይደርሳሉ፣ 2000 ሳይክል። ድምሩ 4000 ነው፣ ለ1000 ሲካፈል 4።

```
1 + 0.1 × (10 + 0.2 × 100) = 4
```

22 ስህተት እንደሆነ ሳታሰሉም ማወቅ ትችላላችሁ። ኤል2 ጭራሽ ባይኖር 1 + 0.1 × 100፣ ማለትም 11 ይሆናል። ካሽ ተጨምሮ ከ11 ወደ 22 ከወጣ የሆነ ቦታ ተበላሽቷል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ጥያቄው የኤል2ን ሚስ ከጠቅላላው ጥያቄ አንፃር 2 በመቶ ብሎ ከሰጣችሁ በ0.1 ድጋሚ አታባዙት፣ ማባዛቱ ውስጡ አልቋል፤ 1 + 0.1 × 10 + 0.02 × 100 ብላችሁ ሥሩት፣ ያው 4 ይመጣል።