የእርሾው ክርክር

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ ተቀምጠናል፤ የቡና ቁርሱም ቆሎ ነው። አንዷ ጎረቤታችን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ጨርሳ ከተወች አምስት ዓመቷ ነው፤ ጾም ሲፈታም አትመለስበትም። ሰሞኑን እግሯን እንደ መርፌ እየወጋት፣ ሲብስም እየደነዘዛት ሐኪም ዘንድ ሄዳ ቫይታሚን ቢ12 አንሶሻል ተብላ መጣች።

«ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ ሁሉ እያለ ምን ጎደለብኝ?» አለች።

በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ ወዲያው ተቀበሏት። «ይህን ቫይታሚን የሚሠራው ባክቴሪያ ነው አሉ። እንጀራችን ደግሞ በእርሾ የቦካ ነው። እንግዲህ በየቀኑ እየበላሽው አይደል?»

ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራው ወዳጃችን ስኒውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ባክቴሪያ ይሠራዋል ያሉት እውነት ነው። ግን ሁሉም ባክቴሪያ አይሠራውም። እርሾ ውስጥ የሚበዙት ሊጡን የሚያኮመጥጡትና የሚያቦኩት ናቸው፤ በእነሱ ላይ መተማመን አይቻልም። ዕፀዋት ደግሞ ያለ ቢ12 መኖር ስለሚችሉ አይሠሩትም፣ አያጠራቅሙትምም። ላሟ ግን ከሣሩ ጋር ኮባልት የተባለውን ማዕድን ትወስዳለች፤ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከእሱ ቢ12 ይሠራሉ። እኛ የምናገኘው ከሥጋዋና ከወተቷ ነው።»

«የእኔስ አንጀት ባክቴሪያ የለበትም?» አለች ጎረቤታችን።

«አለበት፤ ይሠራዋልም። ነገር ግን የሚሠሩት ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። ሰውነት ቢ12 የሚቀበለው ከዚያ በፊት፣ በቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ላይ ነው። የተሠራው መቀበያውን አልፎ ይሄዳል።»

ጋሼ ግን አልተረቱም። «አያቶቻችን ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሲጾሙ ማን እግሩ ደነዘዘ?»

እዚህ ላይ እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ጉበት ደግሞ ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ይይዛል። ጾሙ ሲፈታ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ሥጋ የሚበላ ጤነኛ ሰው በጾም ምክንያት ስንቁ አያልቅበትም። እህታችንን የጎዳት መጾሟ ሳይሆን ስንቁን መልሳ አለመሙላቷ ነው። በእርሾው ላይ ግን ጋሼ ተሳስተዋል፤ ስሕተቱም ከባድ ነው። ምስርና ጎመን ፎሌት የተባለውን ቫይታሚን ስለሚሰጡ፣ ቢ12 ሲያንስ የሚመጣው የደም ማነስ ተሸፍኖ የደም ምርመራዋ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነርቩ ግን ውስጥ ውስጡን እየተጎዳ ይቆያል። ሲዘገይ ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

እሷ መርፌውን ጀምራለች። ከዚያ በኋላ ወደ ሥጋና ወተት ካልተመለሰች ኪኒን ያስፈልጋታል፤ አለዚያም ቢ12 የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ወይም የቁርስ እህል ትግዛ። ማሸጊያው ላይ «ቫይታሚን ቢ12» ወይም እንደ «ሲያኖኮባላሚን» ያለ ሌላ ስሙ መጻፉን ትመልከት። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ እንደ እሷ የምትመገብና የምታጠባ እናት ናት፤ ሕፃኑ የአምስት ዓመት ስንቅ የለውም።